ከመጋረጃው ማዶ የሚሰማ ሳቅ፦ የሆስፒታል ሠራተኞች ቀልድና የወላጆቻችን ጆሮ

ቂርያት ጋት የራሷ ሆስፒታል የላትም። ሌሊት ሰው ሲታመምብን ወይ ወደ አሽቀሎን ወይ ወደ ቤር ሼቫ፣ አንዳንዴም ወደ ረሆቮት ወይም ወደ አሽዶድ እንሄዳለን። ሽማግሌ ሲታመም ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ዕብራይስጥ የሚችል ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሮት አምቡላንስ ላይ ይወጣል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ገና ባር ሚጽቫ ሳይደርሱ የሐኪም ቃል ለእናታቸው ያስተረጎሙ ናቸው። እኛም ከእነሱ ነን።

አስተርጓሚ ልጅ የሚሰማው ግን ሐኪሙ እንዲተረጎም ብሎ የተናገረውን ብቻ አይደለም። ከመጋረጃው ማዶ ነርሶቹ እርስ በርስ የሚሉትንም ይሰማል። ዘንድሮ የሶሻል ወርክ ትምህርታችንን የተግባር ልምምድ ስንጀምር ከመጋረጃው በወዲያኛው በኩል፣ ማለትም ሠራተኞቹ ቡና በሚጠጡበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ጀመርን። ከሁለቱም ወገን ስለሰማን ነገሩን ከሁለቱም ወገን ልናስረዳ እንሞክራለን።

መጀመሪያ ቀልዱ ምን እንደሆነ። የሆስፒታል ሰው የራሱ ቋንቋ አለው። ገሚሱ ጊዜ ለመቆጠብ የተፈጠረ ነው፤ ታማሚ በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ ወይም በበሽታው ይጠራል፣ «ሰባት ቁጥር ላይ ያለው ልብ» ይባላል። ገሚሱ ከባድ ነገርን በሌላ ቃል መሸፈኛ ነው። እስራኤል ውስጥ ሰው ሲሞት ሠራተኞች እርስ በርስ «ኤክሲቱስ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ቃሉ ላቲን ነው፣ መውጣት ማለት ነው። ራሱን ስቶ የማይነቃ ሰው በዕብራይስጥ «ጼማሕ» ይባላል፣ ተክል ወይም ቡቃያ እንደማለት። ይህን ቃል ያለ ክፋት የሚናገሩት ብዙ ናቸው፤ የታማሚው ልጅ ሲሰማው ግን አባቱ ከሰው ተራ ወጥቶ አትክልት ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ ቃልም አለ። በዓለም ላይ ካሉት የሆስፒታል ቃላት በጣም የታወቀው «ጎመር» ሳይሆን አይቀርም። ሳሙኤል ሼም በሚል የብዕር ስም የጻፈ አሜሪካዊ ሐኪም በ1978 ባሳተመው «የእግዚአብሔር ቤት» በተባለ ልብ ወለድ አማካይነት ዓለም አወቀው። ቃሉ ምህጻረ ቃል ነው፤ ሲፈታ «ከድንገተኛ ክፍሌ ውጣልኝ» ይሆናል። የሚባለውም አእምሮው ለደከመ፣ በሽታው ለማይድን፣ ደጋግሞ ለሚመጣ ሽማግሌ ነው። ይኸው ቃል በዕብራይስጥ ጆሮ ላይ ሲወድቅ ደግሞ «የሚጨርስ» የሚል ትርጉም ይይዛል። በሁለቱም ቋንቋ ለአንድ አረጋዊ የሚመረጥ ስም አይደለም።

ታዲያ ሰው ለምን እንዲህ ይቀልዳል? ክፉ ስለሆነ ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ኬቲ ዋትሰን የተባለች አሜሪካዊት የሕክምና ሥነ ምግባር መምህር በ2011 ባሳተመችው ጽሑፍ አንድ ሐኪም ወዳጇ የነገራትን ታሪክ ታነሳለች። ሌሊት ተረኛ የነበሩ ወጣት ሐኪሞች ፒሳ ያዝዛሉ። ፒሳው ዘገየባቸው። እየተነጫነጩ ሳለ በጥይት የተመታ ልጅ ገባ። ሲያዩት ፒሳውን ይዞላቸው ሲመጣ የነበረው ልጅ ነው። ሊያድኑት ታገሉ፣ አልሆነም፣ ሞተ። በኋላ አንዱ ወጥቶ ልጁ የወደቀበት ቦታ የፒሳውን ካርቶን አገኘና አመጣው። ርቧቸው ነበር፣ ሌሊቱም ገና አላለቀም፣ በሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ስንት ጉርሻ እንስጠው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሳቁ።

መጀመሪያ ስታነቡት ሊዘገንናችሁ ይችላል። ዋትሰን ግን ወዳጇን አልኮነነችውም። ልጁ ሞቷል፣ ቤተሰቡ እዚያ አልነበረም፣ ለማዳን ያልተደረገ ነገርም የለም። ሐኪሞቹ ከሚቀጥለው ታማሚ ፊት ለመቆም ከዚያች ሰዓት መውጣት ነበረባቸው፤ ቀልዱ መውጫ በር ሆነላቸው። ይህ ለእኛ ማኅበረሰብ ባዕድ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያልሳቀ ማን አለ? ሽማግሌዎቹ ሟቹን እያነሱ ይቀልዳሉ፣ ሐዘንተኛውም ሳይወድ ፈገግ ይላል። ግን ለቅሶ ቤት የሚቀልድ ሰው ማን ፊት እንደሚቀልድ ያውቃል። ግቢ ውስጥ የሚያወጋው ወጣት ድምፁ ከፍ ሲል «ኧረ ቀስ፣ እናቱ ትሰማለች» የሚለው አይጠፋም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የፒሳው ቀልድ ስለ ሌሊቱ ጭካኔ ነው፤ የተሳቀውም ሸክሙን አብረው በተሸከሙት መካከል ነው። «ጎመር» ግን ስለ ሰውየው ነው። ሰውየው ደግሞ መጋረጃው ሥር ተኝቷል፣ ነገም እነዚያው ሰዎች ያክሙታል። የመጀመሪያው ቀልድ በዚያች ሌሊት ያልቃል፤ ሁለተኛው ከተረኛ ወደ ተረኛ እየተላለፈ ስም ይሆናል። «ይሄ ጎመር ነው» ተብሎ የተነገረው አዲስ ተረኛ ታማሚውን ገና ሳያየው ግምት ይዟል። በሠራተኞቹ ክፍል ስንቀመጥ ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ የምንለየው በዚህ ነው። ቀልዱ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ተበላሸው ኮምፒውተር፣ ስለ ራሳቸው ድካም ሲሆን ክፍሉ ይቀልለዋል። አንድ ታማሚ ቅጽል ስም ሲወጣለትና ስሙን ያላወጣው ሰውም በዚያ መጥራት ሲጀምር ግን ሌላ ነገር ተጀምሯል።

አሁን ወደ መጋረጃው ሥር እንምጣ። ከብዙ ቤተሰቦች የሰማነውን አንድ ላይ አድርገን፣ የማንንም ቤት እንዳይመስል አድርገን፣ አንዲት እናት እናስብ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ደረታቸውን ይዟቸው ሌሊት ገብተዋል፤ የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው አብሯቸው ነው። ሐኪሟ ምን እንደሚሰማቸው ስትጠይቅ «ልቤን ያቃጥለኛል፣ ሆዴንም ባር ባር ይለዋል» አሉ። ልጁ የመጀመሪያውን እንዳለ ተረጎመው። ሁለተኛው ላይ ቆመ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሆድ ባር ባር ሲለው ስለ ጨጓራ እየተወራ እንዳልሆነ፣ ፍርሃትና ብቸኝነት እንደሆነ ያውቃል። ልጁ ግን በዕብራይስጥ የሚለው ቢያጣ «ሆዷንም ያማታል» አለ። ሐኪሟ ሆዳቸውን ነካች፣ እሳቸው «አይ፣ እዚያ አይደለም» አሉ። ልብ ነው፣ ሆድ ነው፣ ሆድ አይደለም። ሐኪሟ ለነርሷ በዓይኗ አንድ ነገር ብላ ወጣች።

ጠዋት ተረኛ ይለወጣል። የሚወጣችው ነርስ ለምትገባዋ እያንዳንዱን ታማሚ ታስረክባለች፤ ይህም የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከአልጋዎቹ ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለው ባንኮኒ ላይ ነው። መጋረጃ ዓይንን እንጂ ድምፅን አይከልልም። እናታችን ዕብራይስጡን እንዳለ አይሰሙትም፣ ግን ምንም አይሰሙም ማለት አይደለም። የአልጋ ቁጥራቸውን ያውቁታል። «ኤትዮፒት» የሚለውን ቃል ያውቁታል። «ሌቭ» ልብ እንደሆነ፣ «ቤቴን» ሆድ እንደሆነ ያውቃሉ። ሳቅ ደግሞ ትርጉም አያሻውም። ስለዚህ የደረሳቸው ይህ ነው፦ ቁጥራቸው፣ ኢትዮጵያዊቷ፣ ልብ፣ ሆድ፣ ከዚያ ሳቅ።

ምናልባት የተሳቀው በነርሷ ድካም ነው። ምናልባት በእርግጥም «ሁሉ ነገሯ ነው የሚያማት» ተብሏል። እሳቸው ጋ ሲደርስ ይህ ልዩነት የለም። ልጁን «ምን አሉ?» ይሉታል። ልጁ ሰምቷል፣ ፊቱ ቀልቷል። «ምንም፣ እምዬ» ይላታል።

«ምንም» የሚለው መልስ ለምን ከሳቁ የባሰ ጉዳት እንደሚያደርስ ለመረዳት ወላጆቻችን ከየት እንደመጡ ማሰብ ያስፈልጋል። እነሱ ያደጉበት አገር ክፉ ዜና ለበሽተኛ አይነገርም። ለቤተሰቡ ለብቻ ይነገራል፣ ቤተሰቡም ይደብቃል። የሰው ሞት እንኳ በዘፈቀደ አይነገርም። መርዶ የሚነግሩ ሰዎች ይመረጣሉ፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ይጠበቃል። ቋንቋውም ራሱ ሰምና ወርቅ አለው፤ በላይ የተባለው ሌላ፣ ከሥር ያለው ሌላ። እንግዲህ በዚህ ያደገች እናት ሠራተኞቹ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ፣ ሲሳቅ፣ ልጇም ፊቱን አዙሮ «ምንም» ሲል ምን ትደመድማለች? ሁለት ነገር። ወይ ንቀውኛል፣ ወይ ልሞት ነው። ሁለቱንም አብራ የምታስብም አለች።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሠራተኞቹ ከቀልዱ ጋር አያገናኙትም። እናታችን ደወል መጫን ይተዋሉ። ሐኪሞቹ በጠዋቱ ዙር ሲመጡ «እንዴት ነሽ?» ሲባሉ «ቤሴዴር» ይላሉ፣ ደረታቸው እየወጋቸው። እንደገና መሳቂያ ላለመሆን ሕመማቸውን በአንድ ቃል ያሳጥሩታል። በልብ ሕመም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሕመሙ መቼ እንደመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሄዶ እንደሆነ ሐኪሙ የሚያውቀው ከታማሚው አፍ ነው። አንዳንዶቹ ምርመራው ሳያልቅ ፈርመው ይወጣሉ። ቤት ሲደርሱም ለጎረቤት የሚነገረው ስለ ልባቸው ሳይሆን ስለ ሳቁ ነው። የሚቀጥለው ጎረቤት ደረቱን ሲይዘው ደግሞ እስኪነጋ ይጠብቃል።

ቀልድ ወደ ሕክምናው ውሳኔ ሲገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ፈረንሳይ ውስጥ በድምፅ ተቀርጾ ተሰምቷል። በታኅሣሥ 2017 በስትራስቡርግ ናኦሚ ሙሴንጋ የተባለች፣ ቤተሰቧ ከኮንጎ የሆነ የ22 ዓመት ወጣት እናት ሆዷን አሟት ለድንገተኛ እርዳታ ደወለች። በደከመ ድምፅ «ልሞት ነው» አለች። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ አንድ ቀን እንደማንኛውም ሰው መሞትሽ አይቀርም ብላ መለሰችላት። ከዚያ በፊት ጥሪውን ያስተላለፈችላት ባልደረባዋና እሷ በታማሚዋ ሲያላግጡ ተቀርጿል። አምቡላንስ አልተላከም። ናኦሚ ከሰዓታት በኋላ ሆስፒታል ገብታ ሞተች። ቤተሰቧ ቅጂውን አግኝቶ በ2018 ሲሰማ አገሩ ተናወጠ፤ ሠራተኛዋም በ2024 በአደጋ ላይ ላለ ሰው እርዳታ ባለመስጠት ተፈርዶባታል። በዚያን ጊዜ ፈረንሳዮች ደጋግመው ያነሱት አንድ የሠራተኞች አባባል ነበር፦ «የሜዲትራንያን ሕመም»። ከሰሜን አፍሪካና ከጥቁር አፍሪካ የመጣ ሰው ሕመሙን ያጋንናል የሚል የቆየ የሆስፒታል ፌዝ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ከተረኛ ወደ ተረኛ በቀልድ የሚወርድ ነው፤ በቀልድ ስለሚወርድም ማንም ተነስቶ አይሞግተውም።

እኛ ላይ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ይጨመርበታል። በጥር 1996 ከማኅበረሰባችን የተለገሰው ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ጋዜጣ አወጣው፤ ወላጆቻችንም በሺዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ወጡ። ደም ሲሰጡ ማንም አልሰደባቸውም። ተመሰገኑ፣ ጭማቂ ጠጡ፣ ከጀርባቸው ተጣለ። ስለዚህ የዚያ ትውልድ ሰው ነጭ ጋዋን በለበሰ ሰው ፊት ሲቀመጥ ፊት ለፊት የሚባለውን ሳይሆን ከጀርባ የሚባለውን ነው የሚያዳምጠው። ወጣት ነርስ፣ ያኔ ያልተወለደች፣ ይህን ላታውቅ ትችላለች። «ምን አልኩና ነው እንዲህ የከፋት?» ትላለች፣ ከልቧም ነው።

በዚያው በ1996 ዓመት ክኔሴት የሕሙማን መብት ሕግን አጸደቀ። አንቀጽ 10 ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም የሕክምና ተቋም ሠራተኛ በሕክምናው ደረጃዎች ሁሉ የታማሚውን ክብርና ገመና እንዲጠብቅ ያዝዛል። በባንኮኒ ላይ የሚደረገው ርክክብም በዚህ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቅሬታ ያለው ሰው ስድብ ነበር ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ የታማሚው ጉዳይ ሌላው ሰው በሚሰማበት መነገሩ ራሱ ጥያቄ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ሆስፒታል የሕሙማን መብት ኃላፊ እንዲሾምም ያስገድዳል። ኃላፊው ቅሬታ ተቀብሎ የማጣራት ሥራ አለበት። ከሆስፒታሉ ውጭ ደግሞ በጤና ሚኒስቴር የስልክ መስመር *5400 መደወል ይቻላል።

ግን ሁሉ ነገር ቅሬታ አያስፈልገውም፤ ብዙው እዚያው አልጋው አጠገብ የሚፈታ ነው። ለአስተርጓሚ ልጆች የምንለው አንድ ነው፦ «ምንም» አትበሉ። እያንዳንዱን ቃል ተርጉሙ ማለታችን አይደለም። ግን የሰማችሁትን ቅርጽ ንገሯት፦ «እምዬ፣ ሥራ ሲረካከቡ ስለ ብዙ ታማሚ አወሩ፣ ያንቺንም ቁጥር ጠሩ፣ ሳቁም። የደምሽ ውጤት ገና አልመጣም። የተደበቀ ነገር ካለ አሁን ሄጄ እጠይቃለሁ» በሏት። ከዚያ በእርግጥ ሂዱና ጠይቁ። «ሌማ ሂትካቫንቴም?»፣ ምን ማለታችሁ ነበር? ድምፅ ሳይነሳ ከተጠየቀ ይህ ጥያቄ ብዙ ይሠራል። ሠራተኛው መጋረጃው እንደማይከልል ያኔ ነው የሚያስታውሰው።

መልሱንም አስተውሉ። «አልገባችሁም፣ በቀልድ ነው» የሚል መልስ ጥፋቱን ወደ ሰሚው ያዞረዋል። ደህና ነርስ ግን ባንኮኒው ላይ ቆማ አትመልስም። ወደ አልጋው ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ለልጁ ሳይሆን ለእናቲቱ እያየች ትናገራለች፦ ስለ እርስዎ አልነበረም፣ ወይም ነበር፣ ይቅርታ፣ መባል አልነበረበትም። ቀጥላም ልባቸው ያለበትን ሁኔታ ትነግራቸዋለች። ይህ የመጨረሻው ክፍል መዘንጋት የለበትም፤ እሳቸው ከስድቡ ይልቅ የፈሩት መርዶውን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለች ነርስ አይተናል፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ታማሚዋም በዚያው ጠዋት ሕመሟን ከነሰዓቱ ተናገረች።

አንድ ነገር ለራሳችን ሰዎችም። ዛሬ በሆስፒታሎቹ ውስጥ ከማኅበረሰባችን የሆኑ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ ረዳቶችና የጽዳት ሠራተኞች አሉ። ድካም ሲበዛ በአማርኛ መቀለድ ደስ ይላል፣ ማንም አይሰማንም ብለን። ሁለት አልጋ አልፎ የተኙት አባት ግን ዕብራይስጡን ሁሉ ሳይሰሙ ያችን አንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሰማሉ። ከባዕድ ሳቅ ይልቅ ያቺ ትቆያለች።

ቅሬታ መጻፍ ካስፈለገ ክፍሉን፣ ቀኑን፣ የአልጋውን ቁጥር፣ የሰማችሁትን ቃል በዕብራይስጥ እንደተባለ ጻፉ፤ ተርጉማችሁ ወይም አለስልሳችሁ አትጻፉት። ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። በአብዛኛው ተረኛ የሚለወጠው በ7፣ በ15 እና በ23 ሰዓት ነው፤ የሚሰማውም ነገር ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሰዓቶች ዙሪያ ነው። እናታችሁ «አንድ ሰዓት ላይ ነው የሳቁት» ካለቻችሁ በአገር ቤት አቆጣጠር የምትለው ጠዋት 7፡00 ነው፤ «ዘጠኝ ሰዓት» ካለች 15፡00 ነው። 1፡00 ብላችሁ ከጻፋችሁ ኃላፊው የሚጠይቀው በሌሊት ሥራ ላይ የነበረውን፣ ምንም ያላለውን ሰው ይሆናል።